መኪናውን አቆምን ወይስ ዘጋን?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ጣሊያንኛ ከተማርኩ ቆይቻለሁ፤ ፈረንሳይኛ ግን ገና ጀማሪ ነኝ። «መኪናውን ሐይቁ ዳር እናቆማለን፤ ከተማዋን ለማየትም ታቦር ኮረብታ ላይ እንወጣለን» ለማለት ፈልጌ፣ «ኑ ፌርሞን ላ ማሺን ኦ ቦር ዲዩ ላክ፣ ኤ ኑ ሳሊሶን ሲዩር ላ ኮሊን ታቦር ፑር ጋርዴ ላ ቪል» ብዬ ጻፍኩ። ፊደል አልሳትኩም፤ መምህሬ ግን አራት ቃላት ላይ በቀይ አሰመሩብኝ። ስህተቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ የጻፉትን ፈረንሳዊ ሲያነበው «ማሽኑን ሐይቁ ዳር እንዘጋለን፤ ከተማዋን ለመጠበቅም ታቦር ኮረብታ ላይ እናቆሽሻለን» ይሆንበታል። አራቱም እውነተኛ የፈረንሳይኛ ቃላት ስለሆኑ የኮምፒውተር ፊደል ማረሚያ አይዛቸውም። ትርጉማቸውን ግን ያመጡት ከጣሊያንኛው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው «ፌርሜ» ይመስለኛል። በጣሊያንኛ «ፌርማሬ» ማቆም ነው፤ እኛም በየቀኑ የምንለው «ፌርማታ» ከዚያው የመጣ ስለሆነ ትርጉሙ ጆሮዎ ውስጥ ተቀምጧል። የሁለቱም አባት ማጽናት፣ ማጥበቅ የሚል የላቲን ቃል ነው። ጣሊያኖች አንድን ነገር ባለበት ማጽናትን ወደ ማቆም ወሰዱት፤ ፈረንሳዮች በር ማጥበቅን ወደ መዝጋት። በፈረንሳይኛ ማቆም «አሬቴ» ነው።

«ጋርዴ»ም እንዲሁ ዘመድ ነው። መነሻው ነቅቶ መጠበቅ ነበር። ከጥበቃው ውስጥ ጣሊያንኛው ዓይኑን ያዘና «ጓርዳሬ» ማየት ሆነ፤ ፈረንሳይኛው መጠበቁን አስቀረና «ጋርዴ» መያዝ፣ መጠበቅ ሆነ። ለማየት ሲፈልጉ ከፊቱ «ረ» ጨምረው «ረጋርዴ» ይበሉ።

«ሳሊር» ግን ዘመድ እንኳ አይደለም። የጣሊያንኛው «ሳሊሬ» መውጣት ሲሆን የመጣው መዝለል ከሚል የላቲን ቃል ነው። የፈረንሳይኛው ከ«ሳል» ማለትም ቆሻሻ ከሚለው ቅጽል ተወለደ። ስለዚህ ሥር ፈልገው አያገናኟቸው፤ ለመውጣት «ሞንቴ»ን ብቻ ይያዙ።

«ማሺን» ግማሽ ልክ ነው። ጣሊያኖች «ማኪና» ሲሉ ማሽንም አውቶሞቢልም ይሆናል፤ እኛ «መኪና» ያልነው ከዚያ ነው። ለፈረንሳዮች ግን አውቶሞቢል «ቩዋቲዩር» ነው።

ቃሉን ለብቻው ሳይሆን ከሚያርፍበት ነገር ጋር በደብተርዎ ይጻፉት፦ በሩን «ፌርሜ»፣ ቁልፉን «ጋርዴ»፣ ሐይቁን «ረጋርዴ»። ጽሑፍዎን ከማስረከብዎ በፊት ደግሞ ጣሊያንኛ የሚመስለውን እያንዳንዱን ግስ ለይተው በፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ይፈትሹ። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ሲታረም «ኑ ዛሬቶን ላ ቩዋቲዩር ኦ ቦር ዲዩ ላክ፣ ኤ ኑ ሞንቶን ሲዩር ላ ኮሊን ታቦር ፑር ረጋርዴ ላ ቪል» ይሆናል።