የተበላሸ ቡና ስንት ያስወጣል?

በዚህ ትምህርት ስለ ጥራት ወጪ እንማራለን። የጥራት ወጪ ማለት ምርታችን ደህና እንዲሆን የምናወጣው ብርና ምርታችን ሲበላሽ የምናጣው ብር አንድ ላይ ሲደመር ነው። አርማንድ ፌይገንባም የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ይህን ወጪ ከፋፍሎ ጻፈ። እሱ የጻፈው ስለ ፋብሪካ ነው። እኛ ግን በጀንፈል ቡና እንየው። ወጪው አራት ክፍል አለው።

አንደኛው የመከላከያ ወጪ ነው። ብልሽት ገና ሳይመጣ እንዳይመጣ የሚወጣ ነው። ቡናው መሬት ሳይነካ የሚደርቅበት የሽቦ አልጋ፣ የሌሊት ጤዛ የሚከለክል ሸራ፣ ቀይ ቀዩን ብቻ እንዲለቅሙ ለለቃሚዎች የሚሰጥ ትምህርት ከዚህ ይገባሉ።

ሁለተኛው የምርመራ ወጪ ነው። ቡናው ደህና መሆኑን ለማየት የሚወጣ ነው። መርማሪው ጀንፈሉን በእጁ ይዞ ይነቀንቀዋል። ከደረቀ ፍሬው በውስጡ ይንኳኳል። ጥቂቱን ፈልፍሎ ሻጋታ እንዳለበት ያያል፣ ያሸታል። የእርጥበት መለኪያ ካለ ደግሞ ይለካል። ፍሬው ከመቶ 12 እጅ በላይ ውሃ ከያዘ ገና አልደረቀም፤ መጋዘን ቢገባ ሊሻግት ይችላል።

ሦስተኛው የውስጥ ብልሽት ወጪ ነው። ቡናው ከመጋዘናችን ሳይወጣ ብልሽቱ ሲገኝ የሚደርስ ነው። የሻገተው ይጣላል፤ የረጠበው እንደገና ይደርቃል፣ ይለቀማል።

አራተኛው የውጭ ብልሽት ወጪ ነው። ብልሽቱን ያገኘው ገዢው ሲሆን ነው። ዋጋ ይቀንሳል፣ ቡናውን ይመልሳል፣ የመኪናው ኪራይ በእኛ ላይ ይሆናል።

አሁን ምሳሌ እንሥራ። አንድ ማኅበር 50 ኩንታል ጀንፈል አለው እንበል። ለስሌት እንዲቀል ኩንታሉን 10,000 ብር፣ የአንድ ሰው የቀን ሥራ 300 ብር እናድርገው።

በመጀመሪያው ዓመት ማኅበሩ ቡናውን በመሬት ላይ አደረቀ። ለመከላከያ ያወጣው ለለቃሚዎች ትምህርት 500 ብር ብቻ ነው። መርማሪ ለ5 ቀን ቀጠረ፤ 1,500 ብር። በመጋዘን 1 ኩንታል ሻግቶ ተጣለ፤ 10,000 ብር። የረጠበውን እንደገና ማድረቅ 20 የሰው ቀን ፈጀ፤ 6,000 ብር። የውስጥ ብልሽቱ 16,000 ብር ሆነ። ገበያ ላይ ገዢው በ10 ኩንታል ላይ በየኩንታሉ 2,000 ብር ቀነሰ፤ 20,000 ብር። 4 ኩንታል ደግሞ መለሰ። ለመኪና 3,000 ብር፣ የተመለሰውን አድርቆ ለመልቀም 3,000 ብር ወጣ። የውጭ ብልሽቱ 26,000 ብር ሆነ። ጠቅላላው 44,000 ብር ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። እንደገና ማድረቅ ሁለት ቦታ ተጽፏል። ሥራው አንድ ነው፤ ግን አንደኛው ቡና ከመጋዘን ሳይወጣ ተገኘ፣ ሁለተኛው ገበያ ደርሶ ተመለሰ። የሚለየው ብልሽቱ የተገኘበት ቦታ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ማኅበሩ በ24,000 ብር አልጋና ሸራ ገዛ። 3 ዓመት ስለሚያገለግል የአንድ ዓመቱ ድርሻ 8,000 ብር ነው። ለትምህርት 1,000 ብር ጨመረ። መከላከያው 9,000 ብር ሆነ። መርማሪው 20 ቀን ሠራ፤ 6,000 ብር። እንደገና ለማድረቅ 10 የሰው ቀን ብቻ በቃ፤ 3,000 ብር። ገዢው በ2 ኩንታል ላይ ብቻ ቀነሰ፤ 4,000 ብር። ጠቅላላው 22,000 ብር ነው። የመጀመሪያው ዓመት እኩሌታ ማለት ነው። ነገር ግን 24,000ው ብር ከካዝና የሚወጣው በአንድ ጊዜ ነውና አስቀድሞ መዘጋጀት ያሻል።

መርማሪ ብቻ ብናበዛስ? መርማሪ እርጥብ ቡና ያገኛል እንጂ አያደርቅም። የውጭ ብልሽት ወደ ውስጥ ብልሽት ይዞራል እንጂ አይጠፋም። ብልሽቱን ከሥሩ የሚቀንሰው አልጋውና ሸራው ነው።

ሁለት ነገር እንዳያሳስታችሁ። የቡና ዋጋ በገበያው ሁሉ ቢወርድ ያ የጥራት ወጪ አይደለም፤ የሚጻፈው በእኛ ቡና ጉድለት የተቀነሰው ብቻ ነው። ደግሞም ቅር ብሎት ዝም ብሎ የሄደ ገዢ በመዝገብ አይገኝም። ስለዚህ የውጭ ብልሽት ከተጻፈው ሊበልጥ ይችላል።

መልመጃ፦ ደብተራችሁን በአራት ዓምድ ክፈሉ። የተቀደደ ሸራ ቡና ሳይሰጣ ለማሰፋት 400 ብር ወጣ። ገዢ ጋ ሻግቶ የተገኘ ቡና ለማስመለስ 700 ብር ወጣ። እያንዳንዱ ከየትኛው ዓምድ ይገባል?

መልስ፦ የመጀመሪያው ከመከላከያ፣ ሁለተኛው ከውጭ ብልሽት።