የማስጠንቀቂያ ልየታ ታሪክ ለባህሪ ተኮር ቃለ መጠይቅ፦ የአንድ «5 ሰዓት» ጉዳይ ትንተና

መግቢያ

ለደህንነት ክትትል ማዕከል (ሶክ) የመጀመሪያ ደረጃ ተንታኝነት በሚደረግ ቃለ መጠይቅ ዘወትር የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ያልተሟላ መረጃ ይዘው ውሳኔ የሰጡበትን አጋጣሚ ይንገሩን» የሚል ነው። ባህሪ ተኮር የሚባለው ይህ የመጠይቅ ስልት ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ሥነ ልቦና ጥናት ሲፈተሽ የቆየ ሲሆን፣ መነሻው ሰው ወደፊት የሚያደርገው ቀደም ሲል ካደረገው ይገመታል የሚለው ሐሳብ ነው። ለመልሱ የሚመከረው ቅርጽም የታወቀ ነው፦ ሁኔታ፣ ኃላፊነት፣ ድርጊት፣ ውጤት። ይሁን እንጂ ይህን ቅርጽ በትክክል የተከተለ መልስ ሁሉ ጠያቂውን አያሳምንም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተንታኝን መልስ የሚያሳምን የሚያደርገው የድሉ ትልቅነት አለመሆኑን ማሳየት ነው፤ ክብደት የሚሰጠው በእያንዳንዱ ደቂቃ የታወቀውና ያልታወቀው ተለይቶ መነገሩ ነው። ለዚህም በቸሃ ወረዳ እምድብር ከተማ ካለ የአንድ ተቋም ቅርንጫፍ የደረሰ ማስጠንቀቂያ በምሳሌነት ቀርቧል። ጉዳዩ ለማሳያ የተቀናበረ በመሆኑ ተቋምም ሆነ ግለሰብ አይጠቀስበትም።

ጉዳዩ

አመልካቹ በተለማማጅነት ሲሠራ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተራውን ሲረከብ ከሌሊቱ ያደረ ማስጠንቀቂያ ጠበቀው። ደንቡ «በአንድ መለያ ከ20 በላይ ያልተሳኩ የመግቢያ ሙከራዎች፣ ከዚያም የተሳካ መግቢያ» ሲያገኝ የሚጮህ ነው። የመዝገቡ ፍሬ ነገር ይህን ይመስላል፦

```
16:14Z–20:04Z  EventID 4625  LogonType 4   SubStatus 0xC000006A  (x24)
20:11Z         EventID 4624  LogonType 10
```

በዊንዶውስ መዝገብ 4625 ያልተሳካ፣ 4624 ደግሞ የተሳካ መግቢያን ያመለክታል። `0xC000006A` መለያው ትክክል ሆኖ የይለፍ ቃሉ የተሳሳተ መሆኑን ይናገራል። ሲታይ የተሳካ የይለፍ ቃል ግመታ ይመስላል፤ 24 ጊዜ ተሞከረ፣ ተገባ፣ ከዚያም ሙከራው ቆመ።

አመልካቹ ግን ሁለት ነገር አስተዋለ። አንደኛ፣ ሙከራዎቹ እርስ በርስ የተራራቁት በትክክል በ10 ደቂቃ ነው። ሁለተኛ፣ የመግቢያው ዓይነት 4 ነው፤ ይህም በጊዜ ሰሌዳ ራሱን የሚያስነሣ ሥራ እንጂ በቁልፍ ሰሌዳ የተቀመጠ ሰው አይደለም። የኮምፒውተሩን የሥራ ሰሌዳ ሲመለከት በቅርንጫፉ ሒሳብ ሠራተኛ መለያ በየ10 ደቂቃው የሚነሣ የመጠባበቂያ ቅጂ ሥራ አገኘ። ሠራተኛዋ በዚያው ዕለት የይለፍ ቃሏን ቀይራለች፤ ሥራው ግን አሮጌውን ይዞ ቀርቷል። ሙከራዎቹ የጀመሩት ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ14 መሆኑም ምክንያት አለው፦ ከተማው መብራት አጥቶ ውሎ ኮምፒውተሩ የተነሣው መብራቱ ሲመለስ ነው።

ስሕተቱ የተፈጠረበት ቦታ

እስከዚህ ድረስ 24ቱ ሙከራዎች ተብራርተዋል። የተሳካው መግቢያ ግን አልተብራራም፤ ዓይነት 10 ማለት ሌላ ቦታ የተቀመጠ ሰው በርቀት የኮምፒውተሩን ገጽ ከፍቶ ገብቷል ማለት ነው። አመልካቹ ወደ ሠራተኛዋ ደወለ። «ትናንት በ5 ሰዓት ገብተው ነበር?» አላት። «አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ወልቂጤ ለስብሰባ ሄጄ ከዚያ ነው የገባሁት» አለችው። ጉዳዩን «ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ» ብሎ ዘጋው።

ከ20 ደቂቃ በኋላ ማስታወሻውን ሲያሟላ ሰዓቱን በጽሑፍ ማስፈር ነበረበት። መዝገቡ 20:11 የሚለው በዩቲሲ ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዩቲሲ 3 ሰዓት ስለሚቀድም 23:11 ይሆናል፤ በአገር አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ11። እርሱ የጠየቀው ስለ ምሽት ነው፤ «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚል ቃል ግን አልጨመረም። እርሷም የመለሰችው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ስለነበረው መግቢያ ሊሆን ይችላል። በ08:00Z አካባቢ ያለውን መዝገብ ሲፈልግ በእርግጥም ሌላ የተሳካ መግቢያ አገኘ፤ የመነሻ አድራሻውም ከምሽቱ የተለየ ነው። ስለዚህ የምሽቱ መግቢያ ባለቤት አልነበረውም።

አመልካቹ የተዘጋውን ጉዳይ እንደገና ከፈተ፤ የዘጋበትን ምክንያትና ስሕተቱን ጽፎ ለሁለተኛ ደረጃ ተንታኝ አሳለፈው። በኋላ እንደተጣራው የገባው የውጭ ጥገና ባለሙያ ነበር። ሠራተኛዋ አዲሱን የይለፍ ቃል በስልክ ነግራው፣ የተቋረጠውን ቅጂ ሊያስተካክል ገብቷል፤ ሙከራዎቹ ከእርሱ መግቢያ በኋላ የቆሙትም በዚህ ምክንያት ነው። ጥቃት አልነበረም፤ የይለፍ ቃል መጋራት ግን የደንብ ጥሰት ሆኖ ተመዘገበ።

መልሱ እንዴት ይቀርባል

ብዙ አመልካቾች ይህን ታሪክ «የጥቃት ሙከራ አገኘሁ፣ አከሸፍኩ» ብለው ያቀርቡታል። ልምድ ያለው ጠያቂ ሁለት ጥያቄ ሲያስከትል ታሪኩ ይፈርሳል። የተሻለው መልስ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እንዲህ ሊነገር ይችላል፦

«ከ24 ያልተሳኩ ሙከራዎች በኋላ የተሳካ መግቢያ ያሳየ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ሙከራዎቹ በጊዜ ሰሌዳ ከሚነሣ ሥራ መምጣታቸውን በመግቢያው ዓይነትና በ10 ደቂቃው ልዩነት አረጋገጥኩ። የተሳካውን መግቢያ ግን በአንድ የስልክ ቃል አምኜ ዘጋሁት፤ ጥያቄዬም ጠዋትና ማታን የማይለይ ነበር። ማስታወሻ ስጽፍ አለመጣጣሙን አይቼ ከ20 ደቂቃ በኋላ መልሼ ከፈትኩት፤ ስሕተቴንም አብሬ ጽፌ አሳለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ሰው ስጠይቅ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር እናገራለሁ፤ መልሱንም በመዝገብ ሳላመሳክር ጉዳይ አልዘጋም።»

በዚህ መልስ ውስጥ «እኛ» የሚል ቃል የለም። ጠያቂው መመዘን የሚፈልገው የአመልካቹን ድርሻ በመሆኑ፣ ቡድኑ ያደረገው ሲነገር የሁለተኛ ደረጃ ተንታኙ ሥራ ተለይቶ መጠቀስ አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «መለያውን ወዲያው ለምን አላገዱም?» የሚል ነው። አመልካቹ ከሁለት ነገሮች መጀመር ይኖርበታል፦ የማገድ ሥልጣን ነበረው ወይስ አልነበረውም፣ ማገዱስ ምን ያስቆማል። የመጀመሪያ ደረጃ ተንታኝ በብዙ ማዕከላት ሐሳብ ያቀርባል እንጂ አያግድም። በዚህ ጉዳይ ማገዱ የቅርንጫፉን የጠዋት ሒሳብ ያስቆም ነበር፤ ይሁንና ከምሽቱ መግቢያ በኋላ አዲስ ፕሮግራም ተጭኖ ወይም ሌላ መለያ ተፈጥሮ ቢገኝ ኖሮ ሚዛኑ ወደ ማገድ ያደላ ነበር። የሚያመዛዝን መልስ «መመሪያው አይፈቅድም» ከሚለው ይበልጣል።

ገደቦች

ታሪኩ ከሥራ ሳይሆን ከቤተ ሙከራ የተገኘ ከሆነ አመልካቹ ይህንኑ አስቀድሞ መናገር አለበት፤ በራሱ ኮምፒውተር የተሠራ ልምምድ በግልጽ ሲቀርብ ተቀባይነት አለው፣ እንደ ሥራ ልምድ ሲቀርብ ግን በመጀመሪያው ተከታይ ጥያቄ ይታወቃል። እውነተኛ ጉዳይ ሲነገር ደግሞ የተቋሙ ስም፣ የሠራተኛዋ ማንነትና የመነሻ አድራሻዎቹ ይቀራሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ ጥንቃቄ ከጨዋነት ያለፈ የሕግ ጉዳይ ሆኗል። በቃለ መጠይቅ የቀድሞ አሠሪውን ምሥጢር የሚዘረግፍ አመልካች፣ ለጠያቂው የሚያስተላልፈው መልእክት ነገ የእርሱንም እንደሚያወጣ ነው።