መስመሩ ሳይሰበር ጥላው ሲያብጥ

ከተገለበጠ ሚኒባስ ውስጥ የወጡ አንድ የ60 ዓመት ሰው አንገታቸውን ክፉኛ አሟቸዋል። እጅና እግራቸው ግን በደንብ ይንቀሳቀሳል። ኮላር እንደታሰረላቸው በጀርባቸው ተኝተው ከጎን ራጅ ተነሡ።

ፊልሙ ሲመጣ መጀመሪያ አንጓ ቆጠርን። የአንገት አንጓዎች ሰባት ናቸው። ሰባተኛው ሙሉውን፣ ከሥሩም የመጀመሪያው የደረት አንጓ አናት ካልታየ ራጁ አላለቀም ማለት ነው። ትከሻ ሲሸፍነው ሥዕሉ ስድስተኛው ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በታች ያለ ስብራትም ሳይታይ ያልፋል። የእኚህ ሰው ሰባቱም ታይቷል።

ቀጥሎ ሦስት መስመሮችን በዓይናችን ተከተልን። አንደኛው በአንጓዎቹ አካል ፊት፣ ሁለተኛው በጀርባቸው ይወርዳል። ሦስተኛው ወደ ማጅራት የሚሾሉት አጥንቶች የሚነሡበትን ሥር ይከተላል። ህብለ ሰረሰር የሚያልፈው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። ሦስቱም ወደ ፊት በቀስታ ደገን ብለው ሳይቆራረጡ መውረድ አለባቸው። በሕመም የተኮማተረ ጡንቻ ወይም ኮላሩ ራሱ ደጋኑን ቀጥ ሊያደርገው ይችላል፤ ይህ ብቻውን ጉዳት አይደለም። የሚያስፈራው እንደ ደረጃ ያለ እጥፋት ነው። የላይኛው አንጓ በታችኛው ላይ የስፋቱን ሩብ ያህል ወደ ፊት ከሄደ የአንድ ጎን መገጣጠሚያ እንደወለቀ፣ ግማሽ ያህል ከሄደ ደግሞ የሁለቱም ጎን እንደወለቀ እንጠረጥራለን።

የእኚህ ሰው መስመሮች ግን ንጹሕ ነበሩ። አንድ ባልደረባዬ «ደህና ነው» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር።

እኔ የጉሮሮውን አየር ተመለከትኩ። አየሩ በራጅ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ በእሱና በአጥንቱ መካከል ግራጫ ጥላ አለ። በአዋቂ ሰው ይህ ጥላ በሁለተኛው አንጓ ፊት ከ6 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በስድስተኛው ፊት ግን የምግብ ቧንቧው ስለሚጨመርበት እስከ 22 ይደርሳል። የእርሳቸው በሁለተኛው ፊት 11 ነበር። ከአጥንት የወጣ ደም እዚያ ሲጠራቀም ጉሮሮውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ሲቲ ስካኑ የሁለተኛው አንጓ ጥርስ መሰል ዘንግ ከሥሩ መሰንጠቁን አሳየ። ቦታውን ስላልለቀቀ መስመሮቹ አልተሰበሩም ነበር።

ጥላው ግን ያታልላል። ሕፃን ሲያለቅስ፣ ሰው ሲውጥ ወይም አንገቱን ሲያጎነብስ ያለ ጉዳት ይወፍራል፤ በጉሮሮ ቱቦ ከገባም ልኬቱ አይታመንም። ቀጭን ጥላም ነጻነት አይሰጥም፤ በተለይ ጉዳቱ ከአንጓው በስተጀርባ ከሆነ ፊቱ ላያብጥ ይችላል። ሲቲ ባለበት ቦታ ለአዋቂ ሰው ከራጅ ይልቅ እርሱ የሚመረጠው ለዚህ ነው። በሌለበት ደግሞ አንገቱ የሚያመውን ሰው ፊልሙ ደህና መስሎ ስለታየ ብቻ ኮላሩን አንፈታም።

እኚህ ሰው «ይሄ ነገር አነቀኝ» እያሉ ኮላሩን መፍታት ጀምረው ነበር። ነርሷ «ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ይታገሱ» ብላ እጃቸውን ያዘች።