ለጥቁር ፀጉር ወርቃማ ጫፍ

ረጅም ጥቁር ፀጉር ባላት ሴት ፎቶ ላይ በፎቶሾፕ ኦምብሬ ሞክራችሁ ጫፉ የደበዘዘ ቀይ ብቻ ሆኖባችሁ ከሆነ፣ እጃችሁን አትውቀሱ። ጉዳዩ ያለው Gradient Map ቀለም በሚያድልበት መንገድ ላይ ነው፤ ያ ከገባችሁ ዛሬውኑ ታስተካክሉታላችሁ!

Gradient Map የሚያየው ብርሃንን ብቻ ነው። ለጨለማው ቦታ በግራ ያለውን ቀለም፣ ለብሩሁ በቀኝ ያለውን ይሰጣል። የጥቁር ፀጉር ብርሃን ግን ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ቀኝ ዳር ያስቀመጣችሁት የማር ቀለም ፀጉሩ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ቀለሞቹን ወደ ግራ ሰብስቧቸው፤ ጥቁር ቡኒ 0 ላይ፣ የመዳብ ቀለም 15 በመቶ አካባቢ፣ ማሩ 35 በመቶ ላይ ይሁን። ማሩን ስትገፉት ዓይናችሁ ፀጉሩ ላይ ይሁን፤ የሚያብረቀርቁት ዘለላዎች ቀድመው ሲበሩ ታያላችሁ። ሞዱ Normal ላይ ይቆይ። ብዙ ሰው ወደ Color ይሮጣል፤ እሱ ግን የታችኛውን ብርሃን እንዳለ ስለሚተወው ጥቁሩ ቀላ ከማለት አያልፍም።

አሁን ፊቷም ልብሷም ቀለም ለብሷል፤ አትደንግጡ። የGradient Map ሌየሩን ማስክ መርጣችሁ Ctrl+I ስትጫኑ ቀለሙ ሁሉ ይጠፋል። ከዚያ Flow 10 በመቶ በሆነ ለስላሳ ነጭ ብሩሽ ፀጉሩን ወደሚወርድበት አቅጣጫ ተከተሉት። አንዱን ዘለላ ከአገጭ፣ ጎረቤቱን ከትከሻ፣ ሌላውን ከዚያም ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ፤ ሁሉም ከአንድ ከፍታ ከጀመረ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሃይላይት ከፈለጋችሁ ብሩሹን አቅጥናችሁ ከሥሩ አጠገብ ተነሱ።

እስካሁን የሠራችሁት ግን የተቀባ ጨርቅ ይመስላል፤ በዘለላዎቹ መካከል ያለው ጥላም ቀለም ጠጥቷልና። እኔ ከሁሉም የምወደው ክፍል ይህን ማስተካከሉ ነው። ከሌየሩ ስም በስተቀኝ ያለውን ባዶ ቦታ ሁለቴ ነክታችሁ Blend If ሥር Underlying Layer የሚለውን ፈልጉ። ጥቁሯን ሦስት ማዕዘን ወደ ቀኝ ስትገፏት ጥላው ወደ ጥቁርነቱ ይመለሳል፤ ጠርዙ ግን ይሻክራል። Alt ይዛችሁ ስትጎትቷት ለሁለት ትሰነጠቃለች፤ አንዷን 15፣ ሌላዋን 45 ላይ አድርጓት። በመካከላቸው ቀለሙ ቀስ እያለ ስለሚገባ እያንዳንዱ ዘለላ ብቻውን ተነጥሎ ይወጣል። ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ የግራዋን ወደ ኋላ መልሷት፣ ወይም የቀኟን አርቋት።

ፀጉሩ ጭልጥ ብሎ ጠቁሮ 0 ላይ ከተኛ ግን አትድከሙ፤ ዘለላ የሌለበት ቦታ ላይ Blend If የሚለየው ነገር የለም። ለሚቀጥለው ፎቶ ከሴትዮዋ በስተኋላ፣ ወደ ጎን አንድ መብራት አቁሙ።