ዝናብ ለምን በአንዳንድ አገር ሁለት ጊዜ፣ በሌላው አንድ ጊዜ ይመጣል?

ልደታ ላይ በሐምሌ ዝናብ ሲወርድ፣ በቦረና ሰማዩ ደረቅ ነው። ቦረና በመጋቢትና በሚያዝያ፣ እንደገናም በጥቅምት ይዘንብለታል። ጎንደር ግን ዋናውን ዝናብ በክረምት ብቻ ያገኛል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ዝናብ እንዴት እንደሚፈጠር እንይ። ድስት ሲፈላ እንፋሎቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ክዳኑን ሲነካ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል። ፀሐይ ምድርን ስታሞቅም እርጥብ አየር ይነሣል፤ ከላይ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆንና ይዘንባል። ፀሐይ አናት ላይ በምትሆንበት አገር ሙቀቱ ይበረታል። ስለዚህ ምድርን እንደ መቀነት የሚዞር የዝናብ መስመር አለ።

ይህ መቀነት አንድ ቦታ አይቆምም፤ ፀሐይን ይከተላል። ልደታ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት ተክለን እኩለ ቀን ላይ ጥላውን እንመልከት። በታኅሣሥ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ በሰኔ ግን ወደ ደቡብ። ፀሐይ በላያችን አልፋ ወደ ሰሜን ሄዳለች ማለት ነው። ምጣድ እሳት እንደተለኮሰ ወዲያው እንደማይግል ሁሉ፣ መሬትና ባሕርም ቀስ ብለው ስለሚሞቁ መቀነቱ ከፀሐይ በኋላ ሳምንታት ዘግይቶ ይደርሳል።

ገበያ የምትሄድ ሴት በመንገድ ዳር ላለ ሰው ሁለት ጊዜ ትታየዋለች፤ ስትሄድና ስትመለስ። ገበያው ዘንድ ያለ ሰው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ያያታል። ቦረና በመንገዱ ዳር ነው፤ መቀነቱ ሲሄድም ሲመለስም ያገኘዋል። ጎንደር መመለሻው አጠገብ ስለሆነ ዝናቡ አንድ ክረምት ይሆናል።

ልደታስ? ክረምታችን መቀነቱ በሰሜን ሲቆይ የሚመጣ ነው። በልግ ግን ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነፍስ እርጥብ ነፋስ ከሰሜን ከሚመጣ ቀዝቃዛ አየር ጋር ሲገናኝ ይዘንባል። እነዚህ ሁለቱ በየዓመቱ በአንድ ቀን አይገናኙም። ስለዚህ በልግ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይቀራል። በየካቲት አንድ ቀን ዘነበ ብለን በልግ ገባ ማለት አንችልም።

ነፋሱ እርጥበት ካላመጣ መቀነቱ ብቻውን አያዘንብም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ጎደሉ። በእነዚያ ዓመታት ፓስፊክ የሚባለው ሩቅ ውቅያኖስ ውሃው በመካከልና በምሥራቅ በኩል ቀዝቅዞ ነበር፤ ይህም እርጥበት የሚያመጡትን ነፋሳት አዛባ። ሁለት ወቅት ያለው አገር አንዱ ቢጎድልበት ሁለተኛው ይተካለታል። አምስቱ ሲጎድሉ ግን ሣሩም ኩሬውም አልቆ ብዙ ከብት አለቀ።

ጥያቄ፦
1. በሰኔ እኩለ ቀን ላይ ልደታ ውስጥ ጥላ ወዴት ይወድቃል? ለምን?
2. ጎንደር እንደ ቦረና ሁለት ጊዜ የማይዘንብለት ለምንድን ነው?