«ላክቶስ ፍሪ» ወተት ነው፤ ወተት!

ዘንድሮ ብቻ ሦስት የሐይቅና የአምባሰል ልጆች ከሱፐርማርኬቱ የወተት መደርደሪያ ፊት ቆመው ደወሉልኝ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ወተት ሆዴን ይነፋኛል፤ የትኛውን ልግዛ?» ስልኬ እንዲያርፍ ይኸው ጻፍኩላችሁ።

ላክቶስ የወተት ስኳር ነው። ይህን ስኳር የሚሰብረው ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ሲያንሰን፣ ስኳሩ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ መነፋቱና ቁርጠቱም የሚመጣው ከዚያ ነው። «ላክቶስ ፍሪ» የተባለው ወተት ውስጥ ፋብሪካው ላክቴዝ ጨምሮ ስኳሩን ቀድሞ ሰብሮላችኋል። ጣፈጥ የሚለውም ለዚህ ነው። አንድ ዘመዴ ካርቶኑ ላይ ስኳር ተጽፎ አይቶ «አታለሉኝ» ብሎ መለሰው። ስኳሩ ተሰበረ እንጂ የት ይሄዳል?

«ሪዲዩስድ ላክቶስ» ማለት ተቀነሰ ብቻ ነው። አንድ ኩባያ ወተት 12 ግራም ገደማ ላክቶስ አለው። 70 በመቶው ተቀንሷል ቢባል እንኳ ከ3 ግራም ተኩል በላይ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን ይችለዋል፤ በቀን ሦስት ኩባያ ለሚደግም ግን ይጠራቀማል።

«ዴይሪ ፍሪ» ከአኩሪ አተር፣ ከአጃ ወይም ከለውዝ የተሠራ ነው፤ የላም ወተት የለበትም። ሆዳችሁ ብቻ ከሆነ ችግሩ፣ ለዚህ ውድ ዋጋ መክፈል ግዴታችሁ አይደለም።

እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። እናቴ ከሐይቅ መጥታ በፍልሰታ እኔ ዘንድ ነበረች። «ላክቶስ የሌለበት ነው» ብዬ ሻይዋ ላይ ጨመርኩላት። እሷ የሰማችው «ወተት የሌለበት» ብላ ነው። እኔ ደግሞ አዋቂ መምሰል ወድጄ አላስረዳኋትም። ሳምንት ሙሉ ጾሟን አስገደፍኳት! እህቴ ካርቶኑን አንብባ ስትነግራት ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ለጾም ወይም ለወተት አለርጂ ከሆነ ከፊት የተጻፈውን ትታችሁ ከጀርባ «ኮንቴይንስ ሚልክ» የሚለውን ፈልጉ። ቡና ላይ የሚጨመረው የክሬመር ዱቄት «ነን ዴይሪ» ተብሎ ሳለ ሶዲየም ኬሲኔት የሚባል የወተት ፕሮቲን ሊኖርበት ይችላል። አለርጂ የሚያስነሣው ፕሮቲኑ ስለሆነ፣ አለርጂ ላለበት ልጅ «ላክቶስ ፍሪ» መስጠት ነፍሱን አደጋ ላይ መጣል ነው።

አገር ቤት ስትገቡ ደግሞ የሚነበብ ካርቶን ብዙ ጊዜ አይኖርም። ትኩስ ወተት ይቀርብላችኋል፤ እምቢ ስትሉም «ፈረንጅ ሆነ» ይሏችኋል። ኩራታችሁን ዋጥ አድርጋችሁ «አይስማማኝም» በሉ፤ እርጎ ይሰጧችሁ። ባክቴሪያው ከስኳሩ ከፊሉን ስለሚበላው እርጎ ይሻላል። በነጠረ ቅቤ ውስጥ ደግሞ ላክቶሱ ከቁጥር አይገባም። ወተቱን የግድ ካላችሁ የላክቴዝ ክኒን ከመጀመሪያው ጉንጭ ጋር ዋጡ፤ ሆድ ከተነፋ በኋላ አይሠራም።