የሱቅ ደብተርን ወደ ሰንጠረዥ ስለ ማዛወር

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ አገር ዕቃውን በደብተር እንደ ደብዳቤ አያይዞ የሚጽፍ ባለሱቅ አለ። ጽሕፈቱ ለጻፈው ሰው ግልጥ ነው፤ ለሚመረምረው ሹም ግን ስውር ነው። ከዚህም የተነሣ ያልጐደለ ዕቃ እንደ ጐደለ ተቈጥሮ ባለሱቁ በከንቱ ሊከሰስ ይችላል። ስለዚህ ደብተሩ በአራት ዓምድ ወደ ተከፈለ ሰንጠረዥ እንዴት እንደሚዛወር በምሳሌ እናሳያለን።

በመሐል ሜዳ የሚገኝ የአንድ ሱቅ ደብተር እንዲህ ይላል እንበል፤ «ጨው 1 ኩንታል ተኩልና 12 ኪሎ በ20፤ ሳሙና 2 ካርቶን ከ7 ፍሬ በ30፤ ገብስ 8 ቁና፣ ኪሎው 60፤ ባና 4፣ 6000።»

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ መስፈሪያ ብቻ ይመረጥ። ኩንታል 100 ኪሎ ስለ ሆነ ጨው 150 ሲደመር 12፣ ማለት 162 ኪሎ ይሆናል። የሳሙናው ካርቶን 24 ፍሬ መያዙ ከላዩ ከተጻፈ፣ ሁሉም 55 ፍሬ ነው።

ቁና ግን ከስፍራ ስፍራ ይለያያል፤ ስለዚህ በግምት አይለወጥም። የዚያው ሱቅ ቁና ሦስት ጊዜ ተሰፍሮ ይመዘን። 4.8፣ 5.0 እና 5.2 ኪሎ ቢወጣ፣ አማካዩ 5 ኪሎ ነውና 8 ቁና ገብስ 40 ኪሎ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያሳስተው የባናው መስመር ነው። 6000 ብር የአንዱ ነው ወይስ የአራቱ? ባለሱቁ ሳይጠየቅ አይጻፍ። የአራቱ ነው ካለ፣ የአንዱ ዋጋ 1500 ብር ነው።

| ዕቃ | መስፈሪያ | ብዛት | የአንዱ ዋጋ (ብር) |
|---|---|---|---|
| ጨው | ኪሎ | 162 | 20 |
| ሳሙና | ፍሬ | 55 | 30 |
| ገብስ | ኪሎ | 40 | 60 |
| ባና | ፍሬ | 4 | 1500 |

ብዛቱ በዋጋው ሲባዛ ጨው 3240፣ ሳሙና 1650፣ ገብስ 2400፣ ባና 6000፣ ድምሩም 13290 ብር ይሆናል። ሹሙ 6000ን የአንድ ባና ዋጋ አድርጎ ቢቈጥር ኖሮ ድምሩ 31290 በሆነ ነበር፤ ባለሱቁም ባልነበረ 18000 ብር ይጠየቅ ነበር።

በብዛትና በዋጋ ዓምድ ቁጥር እንጂ ቃል አይግባ፤ «ተኩል» ወይም «ከ7 ፍሬ» የሚል ከተገኘ መስመሩ ገና አልተስተካከለም። በግዕዝ አኃዝ 40 ፵፣ 55 ደግሞ ፶፭ ተብሎ ስለሚጻፍ፣ አንዱ ከአንዱ በታች ተሰልፎ ለመደመር አይመችም። ስለዚህ 0 ያለበት አኃዝ ይመረጥ፤ አሐዱም በአሐዱ፣ ዐሥሩም በዐሥሩ ሥር ይሰለፍ።

ዋጋው ሁሉ የተገዛበት ይሁን፤ የመሸጫ ዋጋ ከቶ አይቀላቀልበት። በዱቤ የወጣ ዕቃ በሱቁ የለምና በዚህ ሰንጠረዥ አይገባም፤ ለብቻው ይጻፍ። ሰንጠረዡ የሚመሰክረው ዕቃው ለተቈጠረበት ቀን ብቻ ስለ ሆነ፣ ቀኑና የቈጣሪዎቹ ስም ከራሱ ላይ ይስፈር። አሮጌው ደብተርም አይጣል፤ ክርክር ቢነሣ ምስክሩ እርሱ ነውና።